ከጋቢና የተመዘነች መኪና

በእኛ ቤት መኪና የተገዛው ለአንድ ሰው ወገብ ነው፤ ለእናቴ ወገብ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያን ሰሞን በሰፈሩ «አለፈላቸው» ሲባል ስለሰማሁ ነው። አላለፈልንም። የታመመ ሰው ነበረን፣ መንገዱም መጥፎ ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። አባቴና እናቴ ደጋ፣ ከጨንቻ ወጣ ባለች መንደር ነበሩ። እሱ ሸማኔ ነው። እሷ ጥጥ ትፈትል፣ እንሰቷን ትንከባከብ ነበር። ክፉ በሽታ አጥንቷ ውስጥ ገባና ወገቧን ሰበረው። ወድቃ እንኳ አይደለም፤ የድንች ቅርጫት ልታነሳ ጎንበስ ባለችበት ነው። የአርባ ምንጭ ሆስፒታል ሐኪሙ ወደ ጎን ጠራኝና፣ በየወሩ እየመጣች መርፌውን ከወሰደች በሽታው ቀስ እያለ አብሯት ሊያረጅ እንደሚችል፣ ካቋረጠች ግን እንደሚቀድማት ነገረኝ። እኔም ለአባቴ ነገርኩት። ለእሷ ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ግን ታውቅ ነበር።

መጀመሪያ በሚኒባስ ነበር የምናመጣት። የጨንቻ ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም፤ ከሞላ በኋላም ይሞላል። አንድ ቀን መነኻሪያ ልቀበላት ብሄድ፣ በሰው እግርና በድንች ጆንያ መሀል ወለሉ ላይ ተኝታ አገኘኋት። መቀመጥ አቅቷት ነው። ረዳቱ በላይዋ እየተራመደ ሂሳብ ይሰበስባል። የዚያን ቀን ማታ ለእህት ወንድሞቼ ስልክ ደወልኩና ተሰዳደብን፣ ተላቀስን፣ ከዚያ መኪና እንግዛ አልን። መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ነበርኩ።

አቅማችን የሚችለው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛዋ ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ ሀችባክ የሚሏት ትንሽ መኪና ናት። ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ መምህር ነበር የሚሸጣት። ሁለተኛዋ ባለ ፖርቶባጋሊዮ፣ ዝቅና ዘርጋ ያለች የቤት መኪና፤ እሷ ደግሞ የአንድ የጫኖ አካባቢ ሙዝ ነጋዴ ንብረት ነበረች። በቤታችን ስማቸው አጭሯና ረጅሟ ሆነ። ሁለቱም ያረጁ፣ ሁለቱም ጤነኞች፤ ሁለቱም ባለቤቶቻቸው «እንደ ዓይኔ የያዝኳት» የሚሏቸው ነበሩ። መኪና ሲሸጥ ዓይን ይበዛል።

አባቴ ሳያገላብጥ ወደ ቤቱ የሚገባ ዕቃ የለም። ጋቢ ሲገዙት እንኳ ደንበኛው ፊቱን ሲያይ እሱ ጀርባውን ገልብጦ ያሳየዋል፤ ሥራ የሚታወቀው በጀርባው ነው ይላል። ስለዚህ ጋራዥ ስንሄድ እሱም መጣ። መካኒኩ አጭሯን ጉድጓዱ ላይ አቆማት፣ አባቴም ጋቢውን ሰብስቦ እግሮቹን አጣጥፎ ቁጢጥ አለና ከሥር ያይ ጀመር። ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። ይህን አስታውሱልኝ።

መካኒኩ የወላይታ ሰው ነው፤ አማርኛው አጭርና ቀጥ ያለ ነው።

«አባት፣ ይሄ አጭሩ ለከተማ ነው» አለ። «አፍንጫ የለውም፣ ጭራ የለውም። ባጃጅ መሀል ይዞራል። ጉብታ ላይ ሆዱ አይነካም፣ ጎማውና ጎማው ቅርብ ነው። ግን ቅርብ ስለሆነ ደግሞ ድንጋይ ላይ ይነጥራል። ረጅሙ አይነጥርም፣ ይተኛል። ግን ዝቅ ያለ ነው፣ ኮፓ ይመታል። ኮፓ ከተመታ ዘይት ይፈሳል፣ ሞተር ይሄዳል።»

«ኮፓ ምንድነው?» አለ አባቴ።

መካኒኩ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ዕቃ በጣቱ አንኳኳለት። አባቴም አንኳኳው።

«የትኛውን ትገዛ ነበር አንተ?»

«እኔ? እኔ ሰው አልጭንም፣ ዕቃ ነው የምጭነው» ብሎ ሳቀ። «ባዶ አትሞክሩት፣ አባት። ሰው ጭናችሁ፣ ዕቃ ጭናችሁ፣ ድንጋይ ላይ ሞክሩት። ባዶ መኪና ሁሉ ጥሩ ነው።»

ምክሩን ተቀበልን። እንዲያውም ከልክ በላይ ተቀበልነው። እንደኛ መኪና የፈተነ ሰው በአርባ ምንጭ ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ከተማውን ፈተንኩ። በገበያ ቀን ሲቀላን የማያውቅ ሰው፣ በጠባብ በር የሚወጡ ፍየሎችን ያስብ። ባጃጁ ከግራ ይገባል፣ ከቀኝ ይወጣል፣ መሀል ላይ ቆሞ ሂሳብ ይመልሳል፤ ማንጎ የጫነ ጋሪ ይጨመርበታል። ረጅሟን ይዤ ገባሁና ሆስፒታሉ በር ጋ ለመዞር ሦስት ጊዜ ኋላ ማርሽ አስገባሁ። ፖርቶባጋሊዮዋ የት እንደሚያልቅ ከመሪው ሆኜ አይታየኝም። አንድ የባጃጅ ልጅ «እመቤት፣ አውቶቡስ ነው እንዴ የያዝሽው?» አለኝ። ሰፈሩ ራሱ የሠራው ጉብታ ላይ ሆዷ ኪርር ብሎ አለፈ፤ የጎርፍ ቦዩን ስሻገር የፊት ፓራውልቷ መሬት ነካ። አጭሯን ይዤ በዚያው ዞርኩ። በአንዴ ዞረች። ጉብታውንም፣ ቦዩንም እንደ ፍየል ዘላ አለፈች። የማቆሚያ ቦታ ተብሎ በሁለት ባጃጅ መሀል የተረፈ ክፍተት በቃት። ልቤ የዚያን ቀን ወደ አጭሯ አዘነበለ፣ አልዋሽም። ወደ ሆስፒታሉ የምገባው እኔ ነኝና።

ቀጥሎ ዳገቱ መጣ። የሙዝ ነጋዴው ሰው አክባሪ ነው፤ «እናትሽን አድርሺባትና ፍረጂ» ብሎ ረጅሟን ሰጠኝ። መርፌዋን ወስዳ የምትመለስበት ቀን ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ አቁሜ የጋቢናውን በር ለእናቴ ከፈትኩላት። አባቴም ወደኋላ ፈቀቅ አለና «ግቢ አንቺ» አላት።

እናቴ በሩን አየችው፣ እኛን አየችን። አባቴ በደጋው ሽማግሌ ነው። ሰው ሲጣላ ይጠሩታል፤ ዱቡሻ፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሜዳ ላይ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ከላንቴ ዳገት ጀምሮ እስከ ጨንቻ ድረስ መንገዱ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰላም የሚለውም ጋቢናውን እያየ ነው።

«የሱ ጉልበት ኋላ አይታጠፍም» አለች እናቴ። «እኔ ኋላ ነው የሚመቸኝ። ሰፊ ነው፣ ብቻዬን ዘርጋ ብዬ እሄዳለሁ።»

አባቴ አፉን ከፈተ። ጉልበቱ ምንም አልሆነም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከሸማኔ ጉድጓድ እየገባና እየወጣ የኖረ፣ ከሳምንት በፊት ጋራዥ ውስጥ ቁጢጥ ያለ ሰው ነው። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት ሁለት የአገሩ ሰዎች ከሆስፒታሉ ወጡና ሰላምታ ተጀመረ። የጋሞ ሰላምታ ደግሞ ቶሎ አያልቅም፤ የከብቱም የማሳውም ደኅንነት ይጠየቃል። ሲጨርሱ እናቴ ከኋላ ተቀምጣ በሩን ዘግታለች። አባቴ ጋቢና ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጉልበቱ» የቤታችን ሕግ ሆነ። ማንም አልተከራከረውም፤ ባለጉልበቱም ጭምር።

አስፋልቱን ጨርሰን ወደ ዳገቱ ስንዞር ረጅሟ በደንብ ወጣች። ሞተሯ አይሰንፍም። ኮረኮንቹ ላይ ስትሄድ እውነትም ትተኛለች፤ ድምፁ ይሰማል እንጂ ድንጋዩ ወንበሩ ላይ አይደርስም። ችግሩ ከሥር ነው። ፖርቶባጋሊዮው ውስጥ የበቆሎ ጆንያ አስገብተን ስለነበር ጭራዋ ወርዷል፤ መንደራችን መግቢያ ላይ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ፣ አንድ ድንጋይ ከሥሯ ጓ አደረጋት። አባቴ «ኮፓ!» ብሎ ጮኸ። ወርዶ በሆዱ ሊተኛ ምንም አልቀረው። ኮፓው አልነበረም፤ የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው ነው የተመታው። ግን ቃሉ አንዴ ልቡ ገብቷል።

ቤት ስንደርስ እናቴ በሩን ራሷ ከፍታ ወረደች። ትንሽ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ ቤት ገባች። ማንም ልብ አላለውም፤ እኔና አባቴ ከመኪናዋ ሥር ነበርን።

«እማዬ፣ እንዴት ነበረች?» አልኳት በኋላ።

«ደህና ናት።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ መምህሩ አጭሯን አዋሰኝ። ደጋ ወጥቼ አመጣኋቸው፣ መለስኳቸው። ሲመለሱ ዝናብ ጥሎ ጉሙ መንገዱ ላይ ወርዶ ነበር። አባቴ ጋቢና፣ እናቴ ከእኔ ኋላ። ያው የበቆሎ ጆንያ ከእናቴ ወንበር ጀርባ። አጭሯ ዳገቱ ላይ ታቃስታለች፤ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ እየለመንኩ ነው የወሰድኳት። ግን ወጣች። ድንጋዩን፣ ቦዩን፣ የተቦረቦረውን ሁሉ ምንም ሳትነካ አለፈች። አባቴ በየጉድጓዱ ጆሮውን አቁሞ ጓ የሚለውን ይጠብቃል፤ የለም።

«ትንሽ ታንቀጠቅጣለች እንጂ ንጹሕ ናት» አለ። «ጀርባዋ ንጹሕ ነው።»

በመስታወቱ የማየው የእናቴን ግንባርና ነጠላ ብቻ ነበር። እጇ ከመስኮቱ በላይ ያለውን መያዣ ይዟል። ሁሉም ሰው ይይዘዋል፤ ለዚያ ነው የተሠራው።

ቤት ደረስን። አባቴ ወርዶ ጆንያውን አወረደ፣ ጎረቤት መጣ፣ ስለ መኪናዋ ተወራ። እናቴ አልወረደችም። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እንሰቷን እያየች ተቀምጣለች። ጎረቤቷ ቀርባ ሰላም አለቻት፤ እዚያው ሆና መለሰችላት። ልጆች መኪናዋን ከበው ሲነካኩ ዝም አለቻቸው። እሷ ልጅ ዕቃ ሲነካ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም።

«እማዬ፣ አትወርጂም?»

«ትንሽ ልቀመጥ» አለችና ፈገግ አለች።

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። ለጎረቤቶቹ በጋሞኛ፣ «አያችሁ? መውረድ እንኳ አልፈለገችም! ወዳታለች!» አላቸው። ሁሉም ሳቀ። እናቴም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ እናቴ አንድ ነገር ወደደች ብዬ ደስ አለኝ፣ በበሽታው ምክንያት ደስታ ከጠፋ ቆይቶ ነበርና። የዚያን ዕለት እዚያው ተፈረደ። ከተማው፣ ጉብታው፣ ኮፓው፣ የማቆሚያው ቦታ፣ በመጨረሻም የእናቴ ፈገግታ፤ ሁሉም ለአጭሯ መሰከሩ። አጭሯን ገዛን።

የመጀመሪያውን ወር መጣች። ከሥሯ ጋቢ አጥፋ አነጠፈች፤ የአባቴን ሥራ፣ ወፍራሙን። ብርድ ነው አለች። በሚቀጥለው ወር ልሄድ ስነሳ ደወለችና የባቄላ አጨዳ ነው፣ ሰው የለኝም አለች። ባቄላው ቀድሞ ታጭዶ እንደነበር አባቴ በኋላ ነገረኝ። ከዚያ ጾም ነው፣ ባዶ ሆዴን መንገድ አልችልም አለች። ከዚያ ለቅሶ ነበር። ለቅሶ ደግሞ በኛ አገር ማንም አይከራከረውም፤ ለቅሶ ቀርቶ ሆስፒታል የሄደ ሰው ስሙ ይነሳል።

እኔ መቆጣት እወዳለሁ፤ ከእናቴ የወረስኩት ነው፣ ድሮ ከነበረችው። አንድ ቀን በስልክ ጮህኩባት። «መኪና ደጅሽ ድረስ አምጥቼልሽ! ወለል ላይ ተኝተሽ የመጣሽውን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም» አለች። «መኪናዋ ጥሩ ናት ልጄ። የሰለቸኝ እኔ ነኝ።»

«ጋቢና ተቀመጪ እሺ፤ ወንበሩን ወደኋላ ለጠጥ አደርግልሻለሁ።»

 ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አባቴ እንዳይሰማ፣ «አባትሽን ኋላ ጭኜ በዶርዜ ገበያ መሀል ላልፍ?» አለችኝ። «ሰው ምን ይላል? ታመመችና ባሏን ወደ ኋላ ወረወረችው ይላል። ተይኝ፣ ኋላ ሰፊ ነው።»

ለክብሩ ነው ብዬ አመንኩ። ነበርም። ብቻ ሌላውን ግማሽ አልነገረችኝም፣ እኔም ሌላ ግማሽ አለው ብዬ አልጠየቅሁም። ከሾፌሩ በስተኋላ ያለው ወንበር እኔ ተቀምጬበት የማላውቀው ወንበር ነው። አባቴም እንዲሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የማንን ዝምታ አይተው እንደተረቱት አላውቅም፤ የእናቴ ግን ከውስጥ ነቅዟል።

አባቴ ሊያስገድዳት ይችል ነበር። አላስገደዳትም። «ሕመም የሰለቸው ሰው አይገፋም» አለኝ፣ በሽማግሌ ድምፁ። ሕመሙ ሲብስባት በቃኝ እስክል ከሐኪሙ ጋር ተነጋገርኩ፤ መርፌውን የሚሰጥ ቅርብ ቦታ እንደሌለ ነገረኝ። ከመካኒኩ ጋርም ተማከርኩ፤ ጎማው ላይ ነፋስ ትንሽ ቀንሺለት አለኝ፣ ቀነስኩ። ጎማው ለሰለሰ። የምትመጣ እናት ግን አልነበረችም። ጎረቤቶች «መኪና ደጅ ቆሞላት አልታከም ያለች» ይሏት ጀመር። ይህን ሰምቼ ያልተጣላሁት ሰው የለም፣ በልቤ ግን እኔም ያንኑ እል ነበር።

በክረምቱ መሀል ሞተች። ስልኩ ሲመጣ መሥሪያ ቤት ነበርኩ። አጭሯን ይዤ ወጣሁ። ከተማው በባጃጅ ታጭቆ ነበር፤ በመሀሉ ሾልካ ወጣች። ጎርፉ መንገዱን በልቶታል፤ በቀረው በኩል አለፈች። አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ መንገዱን ዘግቶ ነበር፤ በእሱና በገደሉ መሀል በነበረችው ክፍተት ገባችና ወጣች። አንድ ድንጋይ አልነካትም። እያለቀስኩ «ይኸው፣ ይኸው» እል ነበር፤ የገዛንበትን ምክንያት ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ አሟላችልን። ስደርስ እናቴን አጥበው ከፍነዋታል።

ከቀብሩና ከለቅሶው በኋላ አባቴን ለጥቂት ጊዜ ወደ እኔ ልወስደው ተስማማን። ሽመናውን ትቷል። የሸማው ጉድጓድ ውስጥ የዝናብ ውሃ ገብቶ ነበር፣ እሱም አላወጣውም። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ ከኦቾሎ ለለቅሶው መጥቶ ስለነበር እሱንም በመንገዴ ላንቴ ላወርደው ነበር። አጎቴ ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣል፤ በትር ይዞ ነው የሚሄደው። መኪናዋ ጋ ስንደርስ አባቴ ምንም ሳያመነታ የጋቢናውን በር ከፈተለት። ታላቅ ይቀድማል፤ ይህም ሕግ ነው። አጎቴ ገባ። አባቴ የኋላውን በር ከፍቶ ከእኔ ኋላ ተቀመጠ።

ጉልበቱ ያለ ምንም ችግር ታጠፈ።

ወንበሩ ላይ የእናቴ ጋቢ እንደታጠፈ ነበር። ማን ያነሳዋል? አባቴ ላዩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሞተር አስነሳሁ።

የመንደሩን መውጫ ስናልፍ የመጀመሪያዎቹ ድንጋዮች መጡ። ለእኔ የለመድኳቸው ናቸው፤ መሪው በእጄ ስለሆነ የትኛው ጎማ የት እንደሚወድቅ አስቀድሜ አውቃለሁ፣ ሰውነቴም ይዘጋጃል። አጎቴ «ጥሩ መኪና ናት» አለ። በዚያው ጊዜ ከኋላዬ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ፣ የሚያቃስት ሰው ድምፅ። በመስታወቱ አየሁ። የአባቴ ራስ ከመስታወቱ ይወጣል፣ ይመለሳል። የኋላው ወንበር ከጎማው ጋር ጎን ለጎን ነው፣ ከሞላ ጎደል ላዩ ላይ ነው የተቀመጠው። ፊት ላይ መንቀጥቀጥ የሆነው፣ ኋላ ሲደርስ ዱላ ነው። የፊት ጎማ የረገጠውን ድንጋይ የኋላው ወዲያው ይደግመዋል፤ ሰው ከመጀመሪያው ሳይመለስ ሁለተኛው ይመጣል።

አባቴ እጁን ከመስኮቱ በላይ ወዳለው መያዣ ሰደደ። መያዣው በአንድ ወገን ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። እኔ ከተነቀለ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ አንድ ቀን በብሎን አሳስረዋለሁ ብዬ ነው። ለምን እንደተነቀለ አስቤ አላውቅም። እናቴ ጨብጣ ለመያዝ ስንት ኃይል ቀርቷት እንደነበር፣ ያንን ሁሉ ኃይል የት እንደጨረሰችው፣ እዚያ ተንጠልጥሎ ነበር።

«አባዬ፣ ልቁም?»

«ሂጂ» አለ።

«ቀስ ልበል?»

«እንደምትሄጂው ሂጂ። እንደምትሄጂው።»

እንደምሄደው ሄድኩ። ዓይኔን ከመስታወቱ ማንሳት አልቻልኩም፤ አጎቴ «መንገዱን እዪ» አለኝ። ዶርዜ ገበያ አጠገብ ሁለት ሰዎች ቆመው ወደ ጋቢናው አጎነበሱ፣ አጎቴን ሲያዩ ግራ ተጋቡ፣ ከዚያ ኋላ አባቴን አዩት። «ነፍስ ይማር» አሉት። ስለ መቀመጫው ማንም ምንም አላለም። ሰው ምን ይላል ያለችው፣ ያ ሁሉ ወር የፈራችው፣ ይኸው ነበር፤ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ነፍስ ይማር።

አጎቴን ላንቴ አወረድነው። አባቴ ወደ ፊት እንዲመጣ በሩን ከፈትኩለት፣ ራሱን ነቀነቀ። አስፋልቱን እዚያው ሆኖ ጨረሰው። ሲቀላ ስንደርስ ባጃጆቹ እንደ ሁልጊዜው ከበቡን፣ አጭሯም እንደ ሁልጊዜው ሾልካ ገባች፣ ቤቴ በር ላይ በአንዴ ዞራ ቆመች።

ወረድኩ። ቦርሳውን አወረድኩ። በሩን ከፍቼለት ጠበቅሁ። አልወረደም። እጁ ጋቢው ላይ ነው፣ ዓይኑ በፊቱ ካለው ወንበር ጀርባ ላይ። ጎረቤቴ መጥታ ነፍስ ይማር አለችው፤ እዚያው ሆኖ መለሰላት። ልጆች መኪናዋን እየነኩ ያልፋሉ።

«አባዬ፣ አትወርድም?»

«ትንሽ ልቀመጥ» አለ።

 በሩን ይዤ ቆምኩ። ጀርባውን ከወንበሩ ለማላቀቅ ሞከረ፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ ተወው። የእሱ ወገብ ጤነኛ ወገብ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዱቡሻ ላይ የሚናገርበት ድምፅ አልነበረም።

«ወዳት አልነበረም» አለኝ። «ያን ቀን አልወርድም ያለችው ወዳት አልነበረም።»